ኮሚሽን ይቀነስልን ብሎ ለመጻፍ

በኢንተርኔት ክፍል የሚያስይዙ ድርጅቶች ከእንግዳው ሒሳብ ላይ ኮሚሽን ይቆርጣሉ። 15 በመቶ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወስዱም አሉ። ባለሆቴሎች ይቀነስልን ብለው ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የኑሮ ውድነትንና የገበያ መቀዝቀዝን ነው። ኢሜይሉ የሚደርሰው የድርጅቱ ሠራተኛ ግን ይህን ይዞ አለቃው ፊት መቅረብ አይችልም። እሱን የሚረዳው ድርጅቱ የሚያጣውንና የሚያገኘውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሒሳብ ነው።

ጎንደር ውስጥ 20 ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል አለ እንበል። በሐምሌና በነሐሴ 60 ቀናት ለሽያጭ የሚያቀርበው 1,200 አዳር ነው። የተሸጠው 420 ከሆነ፣ የተያዘው 35 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ከ420ው አዳር 250ው በድርጅቱ በኩል መጥቷል። በጥምቀት ሰሞን ግን ሆቴሉ በአስጎብኚዎችና በስልክ ስለሚሞላ ለድርጅቱ አንድም ክፍል አይከፍትም። መደራደሪያው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ፈላጊ በበዛበት ሰሞን ክፍል ማጣት ድርጅቱን ይጎዳዋል።

የኢሜይሉ ዋና አንቀጽ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በክረምቱ ሁለት ወራት በእናንተ በኩል 250 አዳር በ40 ዶላር ሸጠናል፤ ኮሚሽኑም 1,500 ዶላር ነበር። ለመጪው ክረምት ብቻ ኮሚሽኑ ወደ 12 በመቶ ዝቅ እንዲልልን እንጠይቃለን። በተመሳሳይ ሽያጭ ከእናንተ የሚቀነሰው 300 ዶላር ይሆናል። በምትኩ እስካሁን ዝግ ያደረግናቸውን 10 ክፍሎች በጥምቀት ለሦስት ሌሊቶች በ100 ዶላር እንከፍታለን። ከተሸጡ በነባሩ 15 በመቶ 450 ዶላር ታገኛላችሁ።»

ጥያቄው ጠባብና ጊዜው የተወሰነ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ይቀነስልን ቢባል 450 ዶላሩ ኪሳራውን አይሸፍንም። ድርጅቱ የውጭ ከሆነ ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፉ፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፣ ነሐሴ 30 ደግሞ ሴፕቴምበር 5።

ቁጥሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በተሰረዙ ቦታ ማስያዞች ነው። መዝገብ ላይ ያለው ሁሉ አዳር ተብሎ ከተቆጠረ ድምሩ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አይገጥምም፤ አንዴ ካልገጠመ ደግሞ ቀሪውንም አያምኑትም። ስለዚህ ከመላክ በፊት ከወርሃዊ የኮሚሽን ደረሰኞች ጋር ማመሳከር የግድ ነው። በዚያው ሳይመጡ የቀሩ እንግዶች ኮሚሽን ተቆርጦባቸው እንደሆነም ይታያል።

መሠረታዊውን ኮሚሽን የመቀነስ ሥልጣን የለኝም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ለአንድ አነስተኛ ሆቴል ይህ የተለመደ ነው። ያኔ ሆቴሉ በፍለጋ ከፍ ብሎ ለመታየት ተጨማሪ ኮሚሽን የሚከፍል ከሆነ፣ ያ ጭማሪ ለክረምቱ እንዲነሣ መጠየቅ ይሻላል። ስምምነቱ በስልክ ቢያልቅ እንኳ መጠኑ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ እስኪረጋገጥ ድረስ የጥምቀቱን ክፍሎች መክፈት አያስፈልግም።