ፕሮቪዥን ከትርፍ በፊት፣ ሪዘርቭ ከትርፍ በኋላ

የባንክ አክሲዮን የገዙ ሰዎች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ዓመታዊ ሪፖርቱን ሲያገላብጡ ሁለት ቦታ ላይ «መጠባበቂያ» የሚል ያገኛሉ። አንዱ ለአጠራጣሪ ብድሮች የተያዘ ሲሆን ሌላው ሕጋዊ መጠባበቂያ ነው። አንደኛው ትርፉን ቀንሶታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከተገኘው ትርፍ ላይ ተነሥቷል። የሂሳብ አያያዝ ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎችም የሚደናገሩት እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች በቃል እንደሚለዩዋቸው፣ የመጀመሪያውን ፕሮቪዥን፣ ሁለተኛውን ሪዘርቭ እያልሁ፣ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች በአንድ የባንክ ምሳሌ ልመልስ።

ሁለቱም ለክፉ ቀን የሚያዙ ከሆነ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ልዩነቱ ጉዳዩ የደረሰ መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። ፕሮቪዥን የሚያዘው በእጅ ላለ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ ስንት እንደሚሆን ወይም መቼ እንደሚወጣ በትክክል አይታወቅ ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ቀድሞ ተፈጥሯል። አይኤኤስ 37 የተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ ሦስት ነገሮች እንዲሟሉ ይጠይቃል። ካለፈ ክስተት የመነጨ ግዴታ መኖር አለበት፤ ገንዘብ የመውጣቱ ዕድል ካለመውጣቱ ዕድል መብለጥ አለበት፤ መጠኑም በሚታመን ግምት ሊሰላ መቻል አለበት።

አንድ ፋብሪካ ግንቦት ላይ ሠራተኛ አሰናበተ፣ ሠራተኛውም ከሰሰ እንበል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ክርክሩ አላለቀም። ጠበቃው ፋብሪካው ሊረታ እንደሚችልና ወደ 300,000 ብር እንደሚያስከፍለው ያምናል። ስንብቱ የተፈጸመው በዚህ ዓመት ስለሆነ 300,000 ብሩ ፕሮቪዥን ሆኖ በዚህ ዓመት ወጪ ይመዘገባል። ጠበቃው «እናሸንፋለን» ቢል ኖሮ ፕሮቪዥን አይያዝም ነበር፤ ጉዳዩ በሪፖርቱ ማብራሪያ ውስጥ ብቻ ይገለጻል።

ያው ፋብሪካ በሚመጣው ዓመት ጣሪያውን ለማደስ 500,000 ብር ያስፈልገኛል ቢልስ? ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ፕሮቪዥን» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ፋብሪካው ለማንም ዕዳ አልገባም፤ ሐሳቡን ነገ ሊለውጥ፣ ሕንጻውንም ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ከፈለጉ ከትርፋቸው ላይ 500,000 ብር ሳይከፋፈሉ ያቆዩታል። ይህ ሪዘርቭ ነው።

በመዝገብ ላይ የት የት ይቀመጣሉ?

ፕሮቪዥን ሲያዝ ወጪ ደቢት ይሆናል፤ ክሬዲቱ ወደ ዕዳ ይሄዳል፣ ለብድር ሲሆን ደግሞ ከብድሩ ሂሳብ ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይቀመጣል። ጥብቅ የሆነው አጠራር የብድሩን «የእሴት ቅናሽ» ይለዋል፣ አይኤኤስ 37ም አይመለከተውም፤ ባንክ ቤት ግን ሁሉም ሰው የሚጠራው ፕሮቪዥን ብሎ ነው። ሪዘርቭ ሲያዝ ወጪ የሚባል ነገር የለም። ያልተከፋፈለ ትርፍ ደቢት፣ ሪዘርቭ ክሬዲት ይሆናል። ሁለቱም የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ናቸውና የባለቤቶቹ ድርሻ በጠቅላላው አይቀንስም፤ አንዱ ክፍል ብቻ እንዳይከፋፈል ታስሯል።

ለዚህም ነው በኪሳራ ዓመት መልሱ የሚለያየው። ድርጅቱ ቢከስርም ፕሮቪዥን መያዙ ግድ ነው፤ እንዲያውም ኪሳራውን ያሳድገዋል። ከዓመቱ ትርፍ የሚነሣ ሪዘርቭ ግን ትርፍ ከሌለ አይኖርም።

በባንክ ላይ በቁጥር እንየው።

አንድ ትንሽ ባንክ ለብድሮቹ ፕሮቪዥን ከመያዙ በፊት 200 ሚሊዮን ብር አትርፏል እንበል። ከተበዳሪዎቹ አንዳንዶቹ መክፈል አቁመዋል፤ ሌሎቹም ሁሉም እስከ መጨረሻው ይከፍላሉ ተብሎ አይታመንም። በሂሳብ ደረጃው መሠረት ሲሰላ የሚጠበቀው ጉዳት 40 ሚሊዮን ሆነ። 40 ሚሊዮኑ ወጪ ሆኖ ሲቀነስ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 160 ሚሊዮን ይሆናል። የግብር ሕጉ ይህን ወጪ ሙሉ በሙሉ ተቀብሎታል ብለን እናቅልለው፤ በተግባር ገደብ አለውና። በ30 በመቶ 48 ሚሊዮን ግብር ሲከፈል 112 ሚሊዮን የተጣራ ትርፍ ይቀራል።

ሪዘርቭ የሚመጣው ገና አሁን ነው። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ኤስቢቢ/4/95 ባንክ ሕጋዊ መጠባበቂያው የተከፈለ ካፒታሉን እስኪያህል ድረስ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 10 በመቶ እንዲያስቀምጥ ያዛል። በእኛ ባንክ 25 በመቶው 28 ሚሊዮን ነው። የቀረው 84 ሚሊዮን ለባለአክሲዮኖች ሊደርስ ይችላል።

አሁን አንድ ተማሪ ተሳስቶ 40 ሚሊዮኑን ሪዘርቭ ብሎ ቢመዘግበውና ከወጪ ቢያወጣው ምን ይሆናል? ትርፉ 200 ሚሊዮን ሆኖ ይቀራል፤ ግብሩ 60፣ የተጣራው 140፣ ሕጋዊ መጠባበቂያው 35 ሚሊዮን ይሆናል። 105 ሚሊዮን ቀረ ማለት ነው። ተማሪው «40 ሚሊዮኑን እኮ ከዚህ ላይ እይዘዋለሁ» ሊል ይችላል። ቢይዘውም ሪፖርቱ ባንኩ ባላገኘው ትርፍ ላይ ተሠርቷል፣ ግብሩም በ12 ሚሊዮን በልጧል፣ ብድሮቹም የማይመለሰውን ጨምረው በሙሉ ዋጋቸው ተጽፈዋል። ሳይይዘው ከቀረ ደግሞ 21 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ሊከፋፈል ነው፤ ይህም ተበዳሪዎቹ ካልመለሱት ገንዘብ ላይ የሚከፈል ትርፍ ነው።

ያልተቋረጠ ብድር ላይም ፕሮቪዥን ለምን ይያዛል? ገና ምንም አልሆነም እኮ።

ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ትምህርቱ ገብቶታል። የብሔራዊ ባንክ የብድር ምደባ መመሪያዎች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት አነስተኛ ምጣኔ በሚገባ ለሚከፈል ብድር 1 በመቶ ነው፤ ክፍያው እየዘገየ ሲሄድ ወደ 3፣ 20፣ 50 እና በመጨረሻ 100 በመቶ ይወጣል። አንድ በመቶው የሚያዘው እገሌ አይከፍልም ተብሎ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ብድር ሲሰጥ ጥቂቱ እንደሚበላሽ ከልምድ ይታወቃል፤ የትኛው እንደሆነ ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ የብድሩ ስብስብ እውነተኛ ዋጋ ዛሬውኑ ከተጻፈው ያንሳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አይኤፍአርኤስ 9ም ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅን ትቶ የሚጠበቀውን ጉዳት አስቀድሞ ማስላትን ይጠይቃል።

ሁለቱ ሕጎች የተለያየ ቁጥር ቢያወጡስ?

በኢትዮጵያ ባንኮች ሪፖርት ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ቦታ ይህ ነው። በምሳሌያችን በሂሳብ ደረጃው 40 ሚሊዮን መጣ። በተቆጣጣሪው ምጣኔ ሲሰላ ግን 46 ሚሊዮን ሆነ እንበል። ትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ የሚወጣው 40 ሚሊዮኑ ብቻ ነው፤ ሪፖርቱ በሂሳብ ደረጃው መሠረት መዘጋጀት አለበትና። ልዩነቱ 6 ሚሊዮን ደግሞ ካልተከፋፈለ ትርፍ ላይ ተነሥቶ ለቁጥጥር ሲባል ወደሚያዝ የስጋት ሪዘርቭ ይዛወራል። የተጣራው ትርፍ 112 ሚሊዮን እንደሆነ ይቆያል፤ ሊከፋፈል የሚችለው ግን ከ84 ወደ 78 ሚሊዮን ይወርዳል።

አንድ ዓይነት ብድር፣ አንድ ዓይነት ስጋት ሆኖ ሳለ 40ው ፕሮቪዥን፣ 6ቱ ሪዘርቭ ሆነ። 40ው የሂሳብ ደረጃው ጉዳት ብሎ የተቀበለው ነው። 6ቱ ተቆጣጣሪው ከጥንቃቄ የተነሣ «ይህን አትከፋፈሉት» ያለው የባለቤቶቹ ገንዘብ ነው። «ለምን ዓላማ ተያዘ?» በሚል ጥያቄ ብቻ ሁለቱን መለየት እንደማይቻል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ታዲያ 40 ሚሊዮኑ የት ተቀምጧል? 28 ሚሊዮኑስ?

የትም። ሁለቱም ለብቻው የተቆለፈ ጥሬ ገንዘብ አይደሉም። ሕጋዊ መጠባበቂያው ብድር፣ ሕንጻ ወይም የመንግሥት ቦንድ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የሚያመለክተው የባለቤቶቹ ድርሻ ምን ያህሉ እንደማይከፋፈል ነው። ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ዘንድ በግዴታ የሚያስቀምጡት ተቀማጭ እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።

ሪዘርቭ ሁልጊዜ ከትርፍ ብቻ ነው የሚመጣው?

አይደለም። ሕንጻ እንደገና ተገምቶ ዋጋው ሲጨምር የሚፈጠረው ሪዘርቭ ከሥራ ትርፍ አልመጣም። ዋናው ነገር የሚቀመጠው ከዕዳ ጋር ሳይሆን ከባለቤቶች ድርሻ ጋር መሆኑ ነው።

ጉዳቱ ሲደርስ ወይም ሳይደርስ ሲቀርስ?

በሚቀጥለው ዓመት የ25 ሚሊዮን ብር ብድር ጨርሶ ተበላሽቶ ተሠረዘ፤ ለሌሎች ብድሮች የተያዘው 15 ሚሊዮን ደግሞ ተበዳሪዎቹ ስለከፈሉ አላስፈለገም እንበል። 25ቱ ከተያዘው ፕሮቪዥን ላይ ይሠረዛል፤ ወጪው አምና ተመዝግቧልና የዘንድሮውን ትርፍ አይነካም። 15ቱ ወደ ዘንድሮው ትርፍ ይመለሳል። የተበላሸ ብድርን በቀጥታ ከሕጋዊ መጠባበቂያ ላይ መሠረዝ ግን ስሕተት ነው፤ ኪሳራው በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ሳያልፍ ይደበቃል።

ፕሮቪዥን ራሱም መደበቂያ ሊሆን ይችላል። በጥሩ ዓመት ከሚገባው በላይ ይዞ በመጥፎ ዓመት መልቀቅ ትርፉን ለስላሳ ያስመስለዋል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበሩት አርተር ሌቪት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 ይህን ልማድ በአደባባይ ነቅፈዋል፤ አይኤኤስ 37ም የወጣው በዚያው ወር ነው። ይህ ደረጃ ድርጅቶች ፕሮቪዥናቸው በዓመቱ መጀመሪያ ስንት እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደተጨመረ፣ ምን ያህሉ በእርግጥ ለታሰበለት ጉዳይ እንደዋለና ምን ያህሉ ሳይሠራበት እንደተመለሰ በማብራሪያ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። የባንክ ብድሮችም በራሳቸው ደረጃ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ አላቸው። ባለአክሲዮን የሆነ ሰው ያን ገጽ ቢያወጣ፣ መጀመሪያ ሳይሠራበት የተመለሰውን ቁጥር ይመልከት። በየዓመቱ ትልቅ ከሆነ ግምቱ የተጋነነ ነበር ማለት ነው። የተሠረዘው ብድር ደግሞ ከተያዘው ፕሮቪዥን በየዓመቱ የሚበልጥ ከሆነ፣ ባለፉት ዓመታት የተከፋፈለው ትርፍ ከሚገባው በላይ ነበር።