ተጨማሪ መረጃ፦ ሥራው በቀጠሮው ይፈጸም ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ1958 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይል ሥራ የተዘጋጀው የፐርት ስልት ለእያንዳንዱ ተግባር አጭር፣ መካከለኛና ረጅም የሆኑ ሦስት የጊዜ ግምቶችን ይጠይቃል፤ መካከለኛው በ4 ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ሲደመርና ለ6 ሲካፈል አማካዩን፣ የረጅሙና የአጭሩ ልዩነት ለ6 ሲካፈል ደግሞ መደበኛ ልይይቱን ያስገኛል።

የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ወሳኝ መስመር መሠረት መጣል (4፣ 7፣ 16 ሳምንት)፣ ግድግዳ ማቆም (3፣ 6፣ 9) እና ጣራ ማልበስ (6፣ 9፣ 18) ቢሆን፣ አማካዮቹ 8፣ 6 እና 10፣ ድምራቸውም 24 ሳምንት ነው። መደበኛ ልይይቶቹ 2፣ 1 እና 2 ሲሆኑ፣ እንዲሁ ደምሮ 5 ማለት ብዙዎች የሚወድቁበት ስሕተት ነውና፣ አስቀድሞ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ 4 + 1 + 4 = 9፣ ከዚያም የ9 ካሬ ሥር፣ ይኸውም 3፣ ይወሰዳል። ለ27 ሳምንት ቀጠሮ z = (27 − 24) ÷ 3 = 1 ይሆናል፤ የኖርማል ስርጭት ሠንጠረዥም በቀጠሮው የመፈጸም ዕድል 0.84 መሆኑን ያሳያል። መካከለኛ ግምቶችን ብቻ ደምሮ በ22 ሳምንት ለመፈጸም ቃል የገባ ተቋራጭ ግን፣ z = −0.67 ነውና፣ ከአራት አንድ ዕድል ብቻ ይዞ ተፈራርሟል።

ስሌቱ የሚጸናው የአንዱ ተግባር መዘግየት ሌላውን የማያስከትል ሲሆን ነው፤ ክረምቱ ሦስቱንም በአንድነት ካጓተተ፣ ወይም ሌላ ጎንዮሽ መስመር ከወሳኙ ጋር በርዝመት ከተስተካከለ፣ እውነተኛው ዕድል ከ0.84 በታች ይወርዳል።