ሰው የሚያጠፋው መካከለኛ ቁጥር

ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቁልቁል ለሚያነሳ ሰው ባለመስቀሉ ጣሪያ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከሥር ያለው ጠባብ ግቢ ነው። አስጎብኚው፣ ጎብኚው፣ ነጠላ የለበሰው ተሳላሚ ሲመላለሱ ይውላሉ። ሁሉም ወጥተው ግቢው ጭር እስኪል መጠበቅ አይቻልም። ደግነቱ፣ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ድንጋይ ግን ባለበት ነው።

ካሜራውን በትራይፖድ አቁሞ፣ ብርሃኑን፣ ትኩረቱንና የቀለሙን ሚዛን በእጅ ቆልፎ፣ በየ30 ሰከንዱ አንድ እያሉ 9 ፎቶ ማንሳት ነው። አውቶማቲክ ላይ ከተተወ ነጭ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ካሜራው ብርሃኑን ይቀይርና ፎቶዎቹ አይገጥሙም።

አሁን ከበሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ አንዲት ነጥብ እንምረጥ። ኮምፒውተር ብርሃኗን ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለ ቁጥር ይመዘግባል። በስድስቱ ፎቶ ድንጋዩ ብቻ ስለታየ ከ118 እስከ 122 ያሉ ቁጥሮች ተመዘገቡ እንበል። በሁለቱ ነጠላ ሸፍኗት 231 እና 238፣ በአንዱ ጥቁር ጃኬት ሸፍኗት 34 ሆነች። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ እንዲህ ይሆናሉ፦ 34፣ 118፣ 119፣ 120፣ 120፣ 121፣ 122፣ 231፣ 238። መሐል ላይ ያለው፣ አምስተኛው፣ 120 ነው፤ የድንጋዩ የራሱ ብርሃን። ነጠላውም ጃኬቱም ጫፍና ጫፍ ላይ ቀሩ። ደምረን ለዘጠኝ ብናካፍል ግን 136 ገደማ ይመጣል፤ ግድግዳው ላይ ጥላ ቢጤ ሰው ቆሞ ይቀራል። ይኸው ስሌት ለእያንዳንዷ ነጥብ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ለየብቻ ይደገማል።

ፎቶሾፕ ያለው ሰው በ Load Files into Stack ፎቶዎቹን ደርቦ ወደ Smart Object ይለውጣል፤ ከዚያ Stack Mode ውስጥ Median ይመርጣል። በነፃ የሚገኘው ኢሜጅማጂክ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፦

```
magick *.jpg -evaluate-sequence median out.jpg
```

ዘዴው አስተማማኝ የሚሆነው እያንዳንዷ ነጥብ ከግማሽ በሚበልጡት ፎቶዎች ባዶ ስትሆን ነው። በሩ ላይ ተቀምጠው የሚጸልዩት አባት አይጠፉም፤ እኔ በበኩሌ ቢቀሩ ደስ ይለኛል። የፎቶ ብዛት መጨመሩ ብቻውን አይረዳም። በሁለት ሰከንድ ልዩነት የተነሱ ሃያ ፎቶዎች ቆሞ ሴልፊ የሚነሳን ሰው ሃያ ጊዜ ከመመዝገብ ሌላ ፋይዳ የላቸውም፤ የሚጠቅመው በመካከል ያለውን ጊዜ ማርዘም ነው።

ይበልጥ የሚያታልለው ደመና ነው። ፀሐይ ግማሹን ጊዜ ተሸፍና ከነበረ፣ ሰዎች ያለፉበት ቦታ መካከለኛ ቁጥሩን ከደመናው ፎቶ፣ ቀሪው ግድግዳ ደግሞ ከፀሐዩ ፎቶ ሊወስድ ይችላል። ሰው የለም፤ ግን የሰው ቅርጽ ያለው ደብዛዛ እድፍ ይታያል። እንዲህ ሲሆን በደመና የተነሱትን አውጥቶ በቀሩት ብቻ እንደገና ማስላት ነው። የቀሩት ካነሱ፣ ያ ቦታ ባዶ የሆነበትን አንድ ፎቶ ከላይ ደርቦ እድፉን ብቻ በእሱ መሸፈን ይቻላል።