የጠራውን ውኃ ጭቃው ሳይነሣ ከጋን ማውጣት

እናቶች ሆይ፤ በክረምት ከወንዝ የሚቀዳው ውኃ ድፍርስ ነው። በጋን ተከድኖ ሲያድር ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ላዩም ይጠራል። ጠዋት ግን በጣሳ ሲጨልፉት ወይም ጋኑን ሲያዘነብሉት ጭቃው እንደ ገና ይነሣል፤ ሌሊቱን ሙሉ መጠበቁም ከንቱ ይሆናል። ለዚህ ችግር 2 ሜትር የሚሆን ቀጭን፣ ንጹሕ የውኃ ጎማ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ማንቀሳቀስ እንዳያስፈልግ ጋኑን ማታውኑ ከመደብ ላይ አኑሩት። የጎማውን አንድ ጫፍ ከታጠበ ቀጭን እንጨት ጋር እሰሩት፤ እንጨቱ ከጎማው አፍ አራት ጣት ያህል ይለፍ። እንጨቱ የጋኑን ወለል ሲነካ የጎማው አፍ ከጭቃው በላይ ይቀራል ማለት ነው። ጭቃው የበዛ እንደ ሆነ ከዚያም አስበልጡት።

ጠዋት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሁለቱን የጎማ ጫፎች ወደ ላይ ይዛችሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ሙሉበት፤ ከዚያ ሁለቱንም አፎች በአውራ ጣታችሁ ድፈኑ። እንጨት የታሰረበትን ጫፍ ወደ ጋኑ አግቡ፤ አፉ ከውኃው ፊት በታች ሲደርስ ጣታችሁን ልቀቁና እንጨቱን በቀስታ አውርዱ። ሌላውን ጫፍ ከመደቡ ሥር ወዳለው ባልዲ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት። ውኃው የጋኑን አፍ ተሻግሮ ይወርዳል።

«ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በአግዳሚ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ ገመድ አስቡ። አንዱ ወገን ረዥም ሲሆን ይከብዳልና አጭሩን ስቦ ያሻግረዋል። በጎማውም ውስጥ ወደ ባልዲው የሚወርደው ውኃ ረዥም ነው፤ ከጋኑ ውኃ ፊት ተነሥቶ እስከ ጋኑ አፍ የሚወጣው ግን አጭር ነው። ረዥሙ ያሸንፋል።

ነገር ግን ውኃ እንደ ገመድ የተፈተለ አይደለም፤ ታዲያ ከአናቱ ላይ ለምን አይበጠስም? አየር ባይታይም ክብደት አለው፤ በጋኑ ያለውን የውኃ ፊት ዘወትር ይጫነዋል። በውጭ በኩል ያለው ውኃ ሲወርድ ከአናቱ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይቀር፣ የአየሩ ጫና የጋኑን ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አጭር ጎማ ውኃ ውስጥ ንከሩ፤ የላዩን አፍ በጣት ደፍናችሁ ወደ ላይ አንሡት። ውኃው አይፈስም። ጣታችሁን ስትለቁ አየር ከላይ ይገባና ወዲያው ይወርዳል።

ጎማው ሲቆምም ምክንያቱ ይኸው ነው። አየር ከገባ ገመዱ ተቆረጠ ማለት ነው፤ አንዱ ወገን ወደ ጋኑ ይመለሳል፣ ሌላው ወደ ባልዲው ይወርዳል። አየር የሚገባው ብዙ ጊዜ የጋኑ ውኃ ጎድሎ የጎማው አፍ ሲገለጥ ነው፤ የመንቆርቆር ድምፅ ትሰማላችሁ። የቀረው ጭቃማ ውኃ ስለ ሆነ ያን ጊዜ መቆሙ መልካም ነው። ጋኑ ሳይጎድል ከቆመ ግን የጎማውን መታጠፊያ መርምሩ። በዚያ ያለ ስንጥቅ ውኃ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ። ስለዚህ ደረቅ ነው ብላችሁ አትለፉት።

አየር ሳይገባም ፍሰቱ ሊደክም ይችላል። ከጋኑ አፍ እስከ ጎማው የውጭ ጫፍ 5 ስንዝር ነው እንበል። የጋኑ ውኃ ከአፉ 1 ስንዝር ሲጎድል፣ የሚስበው ብልጫ 4 ስንዝር ነው። ውኃው 3 ስንዝር ሲጎድል ብልጫው 2 ብቻ ይቀራል፤ ፍሰቱም ይቀንሳል። የውጭው ጫፍ ከጋኑ ውኃ ፊት ጋር እኩል ከሆነ ፈጽሞ ይቆማል። ጫፉን ዝቅ አድርጉት።

ጎማውን በአፍ መምጠጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ያልፈላ ውኃ በሽታ ያመጣል። ላምባ የተቀዳበትንም ጎማ ለውኃ አታድርጉት። ላምባ በአፍ ሲመጠጥ ወደ ሳንባ ይገባና ሊገድል ይችላል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በመጨረሻም፤ ውኃው ጠራ ማለት ከተሕዋስያን ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አፍሉት፤ ከድናችሁም አቀዝቅዙት። ጎማውንም አጥባችሁ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ስቀሉት።