ሱሪ ማሳጠር ስንት ነው?

ቤቷ ውስጥ የስፌት ማሽን ያላት ሴት ሥራ አታጣም። የጎረቤት ዚፕ ትቀይራለች፣ ከቦንዳ የተገዛ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የልጅ ዩኒፎርም ጉልበቱ ላይ ትጥፋለች። ነገር ግን ወሩን ሙሉ ስትሰፋ ከርማ ወር ሲያልቅ እጇ ላይ የረባ ገንዘብ የማታገኝ ብዙ ናት። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የደንበኛ ማነስ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የዋጋ አወጣጧን ነው።

በየሰፈሩ የጥገና ዋጋ የሚነገረው ሥራው ለዓይን ትንሽ ወይም ትልቅ ሆኖ በመታየቱ ነው። ዚፕ መቀየር ትንሽ ነገር ስለሚመስል ከሱሪ ማሳጠር ብዙም የማይበልጥ ይከፈልበታል። የጂንስ ዚፕ ለመቀየር ግን የወገቡን ጠርዝ በከፊል መተርተር፣ አሮጌውን ዚፕ ክሩን እየለቀሙ ማውጣት፣ አዲሱን ቦታው ላይ በእጅ ስፌት ማስያዝ፣ በማሽን መስፋት፣ በመጨረሻም ወገቡን እንደነበረ መመለስ አለ። ሱሪ ከማሳጠር እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ሰፊዋ በሁለቱ ላይ ተቀራራቢ ዋጋ ከጠየቀች ዚፕ በመጣ ቁጥር እየከሰረች ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመናገር በፊት ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። የሚያዘው ማሽኑ የሚሽከረከርበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ደንበኛዋን መቀበል፣ መለካት፣ መተርተር፣ መተኮስ፣ አጣጥፎ ማስረከብ ሁሉ ይቆጠራል። በማሽን አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሱሪ በዚህ አቆጣጠር ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

ለስሌት ያህል አንዲት እናት ልጆቿ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ትሠራለች እንበል። በወር ሰማንያ ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ ዚፕና ክር ፍለጋ ገበያ መውጣቱ፣ ማሽን መጥረጉና ዘይት መቀባቱ፣ ደግሞ የማይቀረው የቡና ወሬ ሃያውን ይወስዳል። የሚከፈልበት ስድሳ ሰዓት ብቻ ነው። በወር 6000 ብር እንዲተርፋት ከፈለገች አንዱ ሰዓት 100 ብር ማውጣት አለበት። ለክር፣ ለመርፌና ለመብራት በአንድ ሥራ 10 ብር ብትጨምር ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሱሪ 60 ብር፣ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ዚፕ ደግሞ የዚፑን መግዣ ሳይጨምር 110 ብር ይሆናል። ገበር ያለው ኮት እጅጌ ማሳጠር ሁለት ሰዓት ከወሰደባት 210 ብር መጠየቅ አለባት። የሰፈሩ ዋጋ ከዚህ በላይ ከሆነ እሰየው። በታች ከሆነ ግን ያንን ሥራ ትታ ሌላውን መያዝ ይሻላታል። ቁጥሮቹን እያንዳንዷ በራሷ ፍላጎትና በራሷ ፍጥነት ትተካቸዋለች፤ አሠራሩ ያው ነው።

ትርፉን የሚበላው ሌላው ነገር ድጋሚ ሥራ ነው። አጠረ ተብሎ የተመለሰ ሱሪ ምንም አይከፈልበትም። እዚህ ላይ ስህተቱ የሚጀምረው ገና ሲለካ ነው። ደንበኛው ሱሪውን ለብሶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ በሱሪው የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ መቆም አለበት። በባዶ እግሩ የተለካ ሰው ጫማ ሲያደርግ ሱሪው ያጥርበታል። ሁለቱም እግር ይለካል፤ የብዙ ሰው እግር እኩል አይደለም። አዲስ የጥጥ ጂንስ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ፤ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላልና። ምልክቱ በደረቅ ሳሙና ስባሪ ይደረጋል፤ ሲታጠብ ይለቃል። ለሱፍ ሱሪ ከምልክቱ በታች አራት ሴንቲሜትር ያህል ለእጥፋት ትቶ መቁረጥ ጥሩ ነው። ነገ ትንሽ ይርዘምልኝ ቢባል ከዚያ ላይ ይገኛል። ጠርዙ ተዘምዝሞ እጥፋቱ ከውጭ እንዳይታይ በእጅ ይሰፋል።

ጂንስ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለቱ የጎን ስፌቶች ከእጥፋቱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ጨርቁ ይደራረባል፤ የማሽኑ እግር እዚያ ሲደርስ ወደ ላይ ያጋድልና ስፌቱ ይዘላል፣ አንዳንዴም መርፌ ይሰበራል። መፍትሔው ያበጠውን ቦታ በመዶሻ ቀስ ብሎ መትቶ ማለስለስ፣ ከዚያ ወፍራም ካርቶን አጥፎ ከማሽኑ እግር በስተኋላ ከሥሩ በማስገባት ከፍታውን ማስተካከል ነው። መርፌውም ቁጥር 100 ወይም 110 ይሁን። ለተራ ጨርቅ የሚሆነው ቁጥር 90 ጂንስ አይችልም። ለስላሳ ጨርቅ ላይም ስፌት የሚዘል ከሆነ ማሽኑን ከመውቀስ በፊት መርፌውን መቀየር ነው፤ ደንዝዞ ወይም ጎብጦ ይሆናል። በጨርቁ ሥር ክር እየተጠቀለለ የሚከማች ከሆነ ደግሞ የላይኛው ክር ላልቷል፣ አለዚያም በትክክል አልገባም።

የሐበሻ ቀሚስ ማስተካከል የሚችል እጅ የተሻለ ይከፈለዋል፤ የሚፈራውም ብዙ ነው። ረዝሟል ተብሎ ከታች ከተቆረጠ ጥለቱ ይሄዳል። ስለዚህ ቀሚሱ ከወገቡ ተተርትሮ ትርፉ ከዚያ ይወጣል እንጂ ከጫፉ አይነካም። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሲቆረጥ ክሩ ይፈታል፤ በመቀስ ከመነካቱ በፊት በሚቆረጥበት መስመር አጠገብ አንድ ጊዜ በማሽን መስፋት ያድነዋል። ይጥበብ ከተባለ በጎን ስፌቱ መያዝ ቀላል ነው። ይስፋ ሲባል ግን ቃል ከመግባት በፊት ገልብጦ ማየት ነው። ብዙ የፋብሪካ ልብስ በስፌቱ ውስጥ የሚተወው ጨርቅ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ላይ ምንም አይለቀቅም። ቆዳ ጃኬትና በዶቃ የተሞላ የሙሽራ ቬሎ ልምዱ ከሌለ አልችልም ብሎ መመለስ አያሳፍርም። አንድ የተበላሸ ቬሎ የወሩን ገቢ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የጎረቤት ሥራ ብቻውን የወር ገቢ አይሆንም። መስከረም ላይ ዩኒፎርም ይጎርፋል፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ልብስ ይመጣል፤ በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ያኛው በር ይዘጋል። ክፍተቱን የሚሞላው ልብስ በየሳምንቱ የሚያልፍበት ቦታ ነው፦ ቡቲክ፣ የቦንዳ ነጋዴ፣ ላውንደሪ። ቡቲኩ ሱሪ ሲሸጥ ማሳጠሪያ ቦታ ማሳየት ይፈልጋል፤ ላውንደሪው ቁልፉ የረገፈና ስፌቱ የተተረተረ ልብስ ዘወትር እጁ ይገባል። ከአንዱ ጋር እንኳ በሳምንት አሥር ሱሪ ለማሳጠር መስማማት ከላይ ባየነው ስሌት 600 ብር ነው፤ ሥራው ተመሳሳይ ስለሆነም እጅ ይፈጥናል። አሥሩን በአንድ ቀለም ክር በተከታታይ መስፋት አንድ በአንድ ከመስፋት ብዙ ጊዜ ያተርፋል። ማክሰኞ መቀበል፣ ዓርብ ማስረከብ ብሎ ቀን መቁረጥ ደግሞ በየሰዓቱ በር ከመክፈት ይገላግላል።

እያንዳንዱ ልብስ ሲገባ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ይያዝበት። ቁጥሩ፣ ልኩ፣ ዋጋውና የሚወሰድበት ቀን በደብተር ይጻፍ። ለግለሰብ ደንበኛ ግማሹን ቀብድ መቀበል ነው፤ ሳይወሰድ ወራት የሚከርም ልብስ የሚበዛው ቀብድ ካልተከፈለበት ነው። ዘመድና ጎረቤት ላይ ዱቤ መከልከል ይከብዳል፤ ቢያንስ ደብተሩ ላይ ስማቸው ይፈር። ከነጋዴ ጋር ግን ይሉኝታ አያስፈልግም፤ ያለፈው ሳምንት ሒሳብ ሳይዘጋ የዚህን ሳምንት ልብስ አትቀበሉ።