ሰኔ 30 የምትተርፈው 90,000 ብር

በአንድ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ ጣውላውና የአናጺው ደመወዝ ለየትኛው ቁም ሣጥን እንደወጡ ይታወቃል። የሼዱ ኪራይ፣ የዘበኛው ደመወዝና የማሽኑ ቅባትስ የየትኛው ዕቃ ናቸው? የሒሳብ ሰዎች ኦቨርሄድ የሚሉት እንዲህ ያለውን ወጪ ነው። ልኩ የሚታወቀው ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሰኔ 30 ነው፤ ደንበኛው ግን ዋጋ የሚጠይቀው ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ በግምት ይሠራል።

ወርክሾፑ ሐምሌ ላይ የዓመቱን ኦቨርሄድ 1,200,000 ብር፣ የማሽን ሥራውን ደግሞ እንደወትሮው 10,000 ሰዓት ብሎ ገመተ እንበል። በሰዓት 120 ብር ይደርሳል፦ 90ው ማሽኑ ሠራም ቆመም የማይቀር ቋሚ ወጪ፣ 30ው ከሥራው ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ነው። ሃያ ሰዓት የፈጀ ቁም ሣጥን 2,400 ብር ይጫንበታል።

ሰኔ 30 ሲደርስ ማሽኖቹ የሠሩት 9,000 ሰዓት ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዕቃዎቹ ላይ የተጫነው 1,080,000 ብር ነው፤ በደረሰኝ የወጣው ግን 1,170,000። የኦቨርሄዱ ሒሳብ 90,000 ብር ዴቢት ይዞ ቀረ፤ አንሶ ተጭኗል ማለት ነው። ክሬዲት ቢሆን ኖሮ ተርፎ ተጭኗል እንል ነበር።

ልዩነቱ ጥቂት ሲሆን ሙሉውን በተሸጠው ዕቃ ወጪ ላይ ደምሮ መዝጋት የተለመደ ነው። ከበዛ ይከፋፈላል። ከተጫነው ኦቨርሄድ 70 በመቶው በተሸጠው፣ 20 በመቶው አልቆ መጋዘን ባለው፣ 10 በመቶው ገና በሥራ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ ካለ፣ ድርሻቸው 63,000፣ 18,000 እና 9,000 ብር ይሆናል። በዚህ መንገድ የዘንድሮው ትርፍ በ27,000 ብር ከፍ ብሎ ይታያል። ባለቤቶች የሚወዱትም ይህንን ነው።

እኔ ግን ከማከፋፈሉ በፊት የማሽኑን መዝገብ አያለሁ። የቀሩት 1,000 ሰዓታት መብራት በመጥፋቱ የባከኑ ናቸው እንበል። 1,000 በ90 ሲባዛ በትክክል 90,000 ይመጣል። ጉድለቱ የሥራ መፍታት ነው፤ ምንም ዋጋ አልጨመረም። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤኤስ 2 በሚባለው፣ ሥራ በመቀነሱ ሳይጫን የቀረ ቋሚ ወጪ መጋዘን ባለ ዕቃ ላይ አይጫንም፤ ሙሉው በዓመቱ ወጪነት ይመዘገባል። የቆመ ማሽን የተቀመጠውን አልጋ ውድ አያደርገውማ! ሰዓቱ 10,000 ሞልቶ ኪራዩ በ90,000 ብር ጨምሮ ቢሆን ግን ጭማሪው ዕቃዎቹን ለመሥራት የወጣ ነውና ማከፋፈሉ ያስኬዳል።

ተርፎ ሲጫንም መዝገቡ ይታያል። ሁለት ፈረቃ ተሠርቶ ሰዓቱ ከወትሮው እጅግ ከበለጠ፣ በ90 ብሩ መቀጠል መጋዘን ያለውን ዕቃ ከእውነተኛ ወጪው በላይ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ ትርፉን ሁሉ ከተሸጠው ዕቃ ወጪ ላይ ብቻ መቀነስ አይበቃም፤ የመጋዘኑም ድርሻ መውረድ አለበት።