ዋይፋያችን ላይ ማን አለ? ማንስ ይጨርሰዋል?

ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ሲንቀረፈፍ ብዙ ቤት የሚነሣው ጥርጣሬ አንድ ነው፦ «ጎረቤት ፓስወርዱን አግኝቶ ሊሆን ይችላል።» ጥርጣሬው አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን የማያውቁት ሰው መግባቱና የኢንተርኔቱ መዘግየት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያውን የሚመልሰው ራውተሩ ውስጥ ያለው የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ሲሆን፣ ሁለተኛውን የሚመልሰው ሌላ ገጽ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚፈርዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥፋት የሌለበትን ይከስሳሉ።

ወደ ራውተሩ መግቢያ

በመጀመሪያ የራውተሩ አድራሻ ያስፈልጋል። አንድሮይድ ስልክ ላይ የተገናኙበትን ዋይፋይ ዝርዝር መረጃ ሲከፍቱ Gateway፣ አይፎን ላይ ደግሞ Router ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ይሆናል። ቁጥሩን ልክ እንደ ድረ ገጽ አድራሻ ብሮውዘር ላይ ይጻፉት። የሚጠይቀው የመግቢያ ስምና ፓስወርድ የዋይፋዩ ሳይሆን የራውተሩ የራሱ ነው። ማንም ካልቀየረው ራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የሚያዩት ገጽ እንደ ራውተሩ ዓይነት ይለያያል። እዚህ በብዙ ቤት የምናገኛቸውን የቆዩ የቲፒሊንክ ራውተሮች እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ዝርዝሩ ያለው DHCP በሚለው ሥር DHCP Clients List በተባለው ገጽ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይህን ገጽ ከፍቶ የሚከተለውን አገኘ እንበል፦

```
1  Galaxy-A14       5E-8B-21-D0-47-93  192.168.0.100  01:31:12
2  DESKTOP-7K2M1QF  00-1B-77-3C-A8-10  192.168.0.101  00:18:05
3  Unknown          DA-42-6F-19-B3-0E  192.168.0.102  01:44:50
4  Unknown          44-19-B6-5A-02-C7  192.168.0.103  01:08:27
5  iPhone           26-F0-9C-71-5B-E8  192.168.0.104  01:52:03
6  TECNO-SPARK-10   A6-0D-38-C2-94-1F  192.168.0.105  01:12:44
```

ቤቱ ውስጥ አባት፣ እናትና ሴት ልጅ አሉ። የአባትየው ስልክ ጋላክሲ፣ የልጅቷ አይፎን ነው። አንድ ኮምፒውተርም አላቸው። የቀሩት ሦስቱ እነማን ናቸው?

መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ

የመጀመሪያው ዓምድ መሣሪያው ራሱን የጠራበት ስም ነው። ስሙን ባለቤቱ ሊቀይረው፣ መሣሪያውም ጨርሶ ላይናገረው ይችላል። Unknown የሚለው ቃል «ስሙን አልነገረኝም» ማለት እንጂ ሰርጎ ገብ መጣ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ማክ አድራሻ ይባላል። ከስድስት ጥንድ ቁጥሮችና ፊደላት የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች የአምራቹን ኩባንያ ይናገራሉ። በአራተኛው መስመር ያለው 44-19-B6 ሂክቪዥን ለተባለው የደኅንነት ካሜራ አምራች የተሰጠ ነው። አምራቾችን በማክ አድራሻ የሚፈልጉ ነፃ ድረ ገጾች ስላሉ ማንም ሰው ይህን ማጣራት ይችላል።

ነገር ግን ይህ ዘዴ ለአዳዲስ ስልኮች አይሠራም። ከ2019 ጀምሮ አንድሮይድ 10፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ አይኦኤስ 14 የባለቤታቸውን እንቅስቃሴ ለመሸሸግ ሲሉ ለዋይፋዩ የፈጠራ ማክ አድራሻ መስጠት ጀምረዋል። የፈጠራው አድራሻ መለያ አለው፦ ሁለተኛዋ ምልክት 2፣ 6፣ A ወይም E ትሆናለች። ዝርዝራችን ላይ 5E፣ DA፣ 26 እና A6 ብለው የሚጀምሩት አራቱም የዚህ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ በእነዚህ መስመሮች ላይ አምራቹን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ይልቅ እያንዳንዱ የቤቱ ሰው በራሱ ስልክ የዋይፋዩን ዝርዝር መረጃ ከፍቶ እዚያ የተጻፈውን ማክ አድራሻ ያንብብ። እናትየው ስልካቸውን ሲከፍቱ DA-42 ብሎ የሚጀምረውን አገኙት። ሦስተኛው መስመር የእሳቸው ነው ማለት ነው።

የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ግን ብዙ የሚናገር ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አይፒ አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በዚህ ቤት ራውተር ጊዜው 2 ሰዓት ነው። የሚታየው ቁጥር የቀረው ጊዜ ነው። አንድ መሣሪያ አሁንም ከተገናኘ ጊዜው ሲጋመስ ራሱ ያሳድሰዋል። በመሆኑም በሥራ ላይ ያለ መሣሪያ በተለምዶ ከ1 ሰዓት በታች አይወርድም። ኮምፒውተሩ 18 ደቂቃ ብቻ የቀረው ተዘግቶ ስለቆየ ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ እሱ ግን የለም። ይህ ገጽ አሁን ያለውንም የሄደውንም አብሮ ስለሚያሳይ፣ ከሰዓታት በፊት የወጣን እንግዳ ስልክ እንደ ሰርጎ ገብ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

በዚህች ደቂቃ በዋይፋይ ላይ ያለውን ብቻ የሚያሳየው ሌላው ገጽ፣ Wireless ሥር ያለው Wireless Statistics ነው። ቤተሰቡ ሲያየው 44-19-B6 የለበትም። ጊዜው እየታደሰ ከዋይፋዩ ገጽ ላይ ከጠፋ፣ መሣሪያው የተገናኘው በኬብል ነው። ከራውተሩ ጀርባ የወጣውን ኬብል ተከትለው ሲሄዱ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው የካሜራ መቅጃ ጋ ደረሱ። ከዓመታት በፊት ያስገጠሙትና የረሱት ነው።

አሁን የቀረው ቴክኖ ስልክ ብቻ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ዋይፋዩን አጥፍቶ ገጹ ሲታደስ እሱ አልጠፋም። የቤተሰቡ እንዳልሆነ በዚህ ተረጋገጠ። የማን እንደሆነ ግን ዝርዝሩ አይናገርም፤ ግቢው ውስጥ ያለ ተከራይ፣ ጎረቤት ወይም ትናንት ቡና የጠጣ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ የተገናኘ ስልክ የዋይፋዩን ፓስወርድ በኪውአር ኮድ ለሌላ ስልክ ማስተላለፍ ስለሚችል፣ ለአንድ ሰው የተሰጠ ፓስወርድ ሳይነገር ለብዙ ሰው ይደርሳል።

ማን ብዙ ይጠቀማል?

ቤተሰቡ እዚህ ላይ ቆሞ «ጥፋተኛው ተገኘ» ሊል ይችል ነበር። ነገር ግን እስካሁን የታየው ማን እንዳለ ብቻ ነው። የፍጆታው መጠን የሚገኘው System Tools ሥር ባለው Statistics ገጽ ነው። ገጹ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ስለሚመጣ መጀመሪያ Enable ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ Reset All ብለው ቆጣሪውን ከዜሮ አስጀምረው ኢንተርኔቱ በሚዘገይበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ቆጣሪው ለስንት ጊዜ እንደቆጠረ ካልታወቀ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ገጹ ለእያንዳንዱ አይፒ አድራሻ የተላከውንና የተቀበለውን ደምሮ በባይት ያሳያል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተገኘው በሜጋባይት ሲታሰብ ይህን ይመስል ነበር፦ አይፎኑ 310፣ ጋላክሲው 140፣ የእናትየው ስልክ 12፣ የማይታወቀው ቴክኖ 21፣ የካሜራ መቅጃው 675።

ሁሉንም ከደመሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ብቻውን የወሰደው መቅጃው ነው። ቁጥሩን ከመስመሩ ፍጥነት ጋር ለማነጻጸር ሜጋባይቱን በ8 ያባዙና ለሴኮንዶቹ ቁጥር ያካፍሉ። 675 በ8 ሲባዛ 5,400 ይሆናል፤ ለ1,800 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 3 ሜጋቢት ነው። ቤተሰቡ የገዛው መስመር 10 ሜጋቢት ስለሆነ ነገሩ ብዙ ላይመስል ይችላል። ሆኖም መቅጃ ምስል ይልካል እንጂ አይቀበልም። ቤተሰቡ ሁሉም ነገር በተዘጋበት ሰዓት ፍጥነቱን ሲለካ የመስመሩ የመላኪያ አቅም ወደ 3 ሜጋቢት ብቻ ነበር። መቅጃው ሙሉ በሙሉ ይዞታል ማለት ነው። ቪዲዮ ለማየትም ቢሆን ስልኩ ያለማቋረጥ ጥያቄና የደረሰኝ ምልክት ወደ ውጭ መላክ አለበት። መላኪያው ሲጨናነቅ እነዚህ ትናንሽ መልእክቶች ወረፋ ይይዛሉ፤ መቀበያው ባዶ ሆኖም ሁሉም ነገር ይዘገያል።

መቅጃው ምስል የሚልከው ከውጭ የሚያየው ሰው ሲኖር ነው። ሲጠያየቁ፣ አሜሪካ ያለው የአባትየው ወንድም ግቢውን ለመከታተል የካሜራዎቹን ምስል በሙሉ ጥራት ከፍቶ እንደሚተው ታወቀ። እኛ ጋ ሲመሽ እሱ ጋ ቀን ነው።

ምን ይደረግ?

ለማይታወቀው ስልክ መፍትሔው የዋይፋዩን ፓስወርድ መቀየር ነው። ብዙ ራውተሮች አንድን ማክ አድራሻ ማገድ ያስችላሉ፤ ነገር ግን ስልኩ የፈጠራ አድራሻውን ትቶ በእውነተኛው ሲመጣ እገዳው ያልፈዋል። ፓስወርዱን ሲቀይሩ WPS የሚለውን ያጥፉ፤ የራውተሩን የራሱን መግቢያ ፓስወርድም አብረው ይቀይሩ። የራውተሩን ገጽ መክፈት የቻለ ሰው አዲሱን የዋይፋይ ፓስወርድም ሊያነበው ይችላልና። ለእንግዳ Guest Network የሚል አማራጭ ካለ የዋናውን ፓስወርድ ከመስጠት እሱ ይሻላል።

ለመቅጃው የሚደረገው ሌላ ነው። ወንድምየው በስልኩ መተግበሪያ ላይ የምስሉን ጥራት ከ Main Stream ወደ Sub Stream ዝቅ ማድረግ፣ አይቶ ሲጨርስም መዝጋት ይችላል። ይህ ካልበቃ ራውተሩ Bandwidth Control በሚለው ገጽ ለ192.168.0.103 የመላኪያ ጣሪያ ሊያስቀምጥ ይችላል። አይፒ አድራሻው እንዳይቀያየር ግን አስቀድሞ Address Reservation በሚለው ገጽ ላይ ማስያዝ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ Statisticsን መዝጋት አይርሱ፤ ቆጠራው ለትናንሽ ራውተሮች ተጨማሪ ጫና ነው።

ዝርዝሩ የማይደርስበትም አለ። በእጅ አይፒ አድራሻ የተሞላለት መሣሪያ DHCP ዝርዝር ላይ አይወጣም። የሲግናል ማራዘሚያ ያለው ቤት ደግሞ ከማራዘሚያው ጀርባ ያሉት ስልኮች ሁሉ በአንድ ማክ አድራሻ ሊታዩ ይችላሉ፤ እዚያ አንድ መስመር አንድ መሣሪያ አይደለም።

በዚህ ቤት የማይታወቀው ስልክ በግማሽ ሰዓት የተጠቀመው 21 ሜጋባይት ነው። ፓስወርዱ መቀየሩ ተገቢ ቢሆንም፣ በእሱ ብቻ ኢንተርኔቱ አይፈጥንም ነበር። ጎረቤትዎን ከመውቀስዎ በፊት ሁለቱንም ገጾች ይክፈቱ።